ዩኒቨርሲቲ ወይስ ፋብሪካ፦ የአንዲት የጨርቃጨርቅ ምሩቅ ውሳኔ በኮምቦልቻ

መነሻ

ይህን ጉዳይ የጻፍኩት ከማስተርስ በኋላ "ማስተማር ልግባ ወይስ ፋብሪካ?" እያሉ በየዓመቱ የሚመጡ ልጆች ስላሉኝ ነው። ለሁሉም ስናገር የኖርኩት አንድ ዓይነት ነገር ነበር፤ የዚህች ልጅ ጉዳይ ግን የራሴን ምክር እንድጠራጠር አደረገኝ። የሷንም፣ የፋብሪካውንም፣ የዩኒቨርሲቲውንም ስም አልጠራም። እኔ በመጀመሪያ ዲግሪዋ ያስተማርኳት መምህር ነኝ። ማስተርሷን የሠራችው ባሕር ዳር ነው።

ዳራ

ልጅቷ የሐይቅ ልጅ ናት። ኮምቦልቻ የምትኖረው አጎቷ ቤት ነው። አጎቷ በደርግ ዘመን በተተከለው የከተማው ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ሆነው ብዙ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የማስተርስ ሥራዋ ጥጥን በሪአክቲቭ ቀለም ሲያቀልሙ የሚገባውን ጨው መቀነስ ላይ ነበር። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ ጥጥም ሪአክቲቭ ቀለምም ውኃ ውስጥ ሲገቡ ሁለቱም ኔጌቲቭ ቻርጅ ስለሚይዙ ይገፋፋሉ። ጨው ያን ግፊት ያለዝብና ቀለሙ ወደ ጥጡ እንዲቀርብ ያደርጋል፤ ቀጥሎ የሚጨመረው ሶዳ አሽ ደግሞ ቀለሙን ከጥጡ ጋር ያያይዘዋል። ለጠቆር ያለ ቀለም በአንድ ሊትር ውኃ ከ50 እስከ 80 ግራም ጨው መጨመር የተለመደ ነው። ያ ሁሉ ጨው መጨረሻው ፍሳሽ ውስጥ ስለሆነ መቀነሱ ትርጉም ያለው ሥራ ነው።

ሰኔ 2014 ዲፌንስ አድርጋ ጨረሰች። ነሐሴ ላይ ሁለት ወረቀት ይዛ ቢሮዬ መጣች። አንዱ እኔ ከማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የመጣ የሌክቸረርነት ቅጥር ነው፤ ጥቅል ደመወዙ 11,300 ብር ነው። ሁለተኛው ከአንድ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል የመጣ ሲሆን የፕሮሰስ መሐንዲስ ሆና በ15,000 ብር እንድትገባ ይጠይቃል። ሁለቱም መልስ የሚፈልጉት በሁለት ሳምንት ውስጥ ነበር።

ወቅቱንም ማስታወስ ያስፈልጋል። ኮምቦልቻና ደሴ በጥቅምት 2014 መጨረሻ በጦርነቱ ተይዘው ኅዳር ላይ ነበር የተለቀቁት፤ ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል፣ ከአጎዋ ማለት ነው፣ ወጣች፤ ልብስ ወደ አሜሪካ የሚልኩ ፋብሪካዎች በዚህ ተመቱ። ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ በምትዞርበት በነሐሴ 2014 ደግሞ ቆቦ አካባቢ ጦርነቱ እንደገና ተቀሰቀሰ። አጎቷ በዚያ ሰሞን ያሏት ነገር ሳይጨመር ጉዳዩ ሙሉ አይሆንም፦ "አብሽሪ ልጄ፣ ፋብሪካውን እኔ አውቀዋለሁ። ደግ ጊዜ ላይ ያጠግብሻል። ክፉ ጊዜ ሲመጣ ግን በሩን ይዘጋና ዘበኛው ብቻ ይቀራል። የመንግሥት ደመወዝ ትንሽ ነው፣ ግን ይመጣል።"

ችግሩ

መጀመሪያ የቀረበልኝ ጥያቄ "ምርምር እወዳለሁ፤ ግን ፋብሪካው ይከፍላል" የሚል ነበር። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያልተፈተሹ ሁለት ግምቶች አሉ። አንደኛው ዩኒቨርሲቲ መግባት ማለት ምርምር መሥራት ነው የሚለው፣ ሁለተኛው የፋብሪካው ክፍያ በእርግጥ ይበልጣል የሚለው ነው። እኔም በወቅቱ ሁለቱንም እንደ እውነት ይዤ ነበር። ወዲያውኑ "ምርምር ከወደድሽ እኛ ጋ ነይ" ልላት ነበር። ያቆመኝ የሷ ጥያቄ ነው፦ "መምህር፣ እርስዎ በሳምንት ስንት ሰዓት ነው ምርምር የሚሠሩት?"

መልስ አልነበረኝም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ የኔን ሳምንት መቁጠር ነበር። ያለፈውን ሴሚስተር ማስታወሻዬን አውጥተን አንድ ተራ ሳምንት መረጥን። ማስተማር 13 ሰዓት፣ መዘጋጀት 10፣ ማረም 9፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ማማከር 5፣ ኮሚቴና ስብሰባ 6። ለምርምር የቀረው 3 ሰዓት ነበር። ከነዚህ ሦስት ሰዓቶች አንዱ ደግሞ ኬሚካል እንዲገዛልኝ የጻፍኩትን ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ይዤ ስዞር ያለፈ ነው። ልጅቷ ቁጥሩን አይታ ዝም አለች። እኔም ትንሽ አፈርኩ፤ አለመደበቄ ግን ጠቀማት።

ይህ ማለት ዩኒቨርሲቲው ለምርምር አይጠቅምም ማለት አይደለም። ትልቁ ጥቅሙ በሳምንቱ ሰሌዳ ላይ አይታይም። መምህር ሆኖ ዶክትሬት የሚማር ሰው ደመወዙ ሳይቋረጥ ለዓመታት ሙሉ ጊዜውን ምርምር ላይ ያውላል፤ በምላሹ ሲመለስ የሚያገለግልበትን ጊዜ ተዋውሎ ይፈርማል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ "ያ ዕድል ለኔ መቼ ይደርሳል?" የሚል ነበር። ወደ ትምህርት ክፍሉ ሄዳ ጠየቀች። መልሱ ሁለት ነገር ነበረው፤ መጀመሪያ ሁለት ዓመት ማገልገል አለባት፣ ከዚያም ተራ የሚጠብቁ ሰባት መምህራን ከፊቷ አሉ። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው የሚላከው። በዚህ ስሌት ዩኒቨርሲቲው የሚሰጣት ምርምር ቢፈጥን ከአራት ዓመት በኋላ የሚጀምር ነበር።

ሁለተኛው እርምጃ ብሩን እጅ ላይ በሚደርሰው መቁጠር ነው። በጊዜው በነበረው ሰንጠረዥ ከ10,900 ብር በላይ ያለው የወር ገቢ 35 በመቶ ይቆረጥበት ነበር፤ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ ደግሞ 7 በመቶ ነው። ሁለቱም ደመወዝ ከዚያ መስመር በላይ ስለነበሩ በመካከላቸው ካለው ልዩነት ከእያንዳንዱ 100 ብር 42ቱ ይሄዳል። ከ11,300 ብር እጇ የሚገባው 8,054 ብር፣ ከ15,000 ብር የሚገባው 10,200 ብር ሆነ። በወረቀት 3,700 ብር የነበረው ልዩነት 2,146 ብር ቀረ። ፋብሪካው በሺፍት ነው። የከሰዓቱ ሺፍት ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ሲያልቅ ሰርቪሱ በአጎቷ ሰፈር በኩል አያልፍም፤ ባጃጅ ኮንትራት መያዝ ነበረባት። በ80 ብር በወር 12 ምሽት ቢሆን 960 ብር ነው። የቀረው 1,186 ብር ብቻ ነበር። መምህር ሆና ቅዳሜና እሑድ የኤክስቴንሽን ክፍል ብትይዝ ያንን ልትሞላው ትችል ነበር። እንግዲህ ስንነታረክበት የከረምነው የገንዘብ ጥያቄ በግማሽ ሰዓት ሒሳብ ከጠረጴዛው ወረደ።

ሦስተኛው እርምጃ፣ ውሳኔውን በትክክል የወሰነው ይኼኛው ይመስለኛል፣ ፋብሪካው ውስጥ አምስት ቀን መዋል ነበር። የምርት ሥራ አስኪያጁን አስፈቅደን ነው። ያዘዝኳት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በየቀኑ የሚነሱትን ጥያቄዎች ጻፊ፣ ከጎናቸው ደግሞ ጥያቄው መጨረሻው ምን እንደሆነ ጻፊ።

በሦስተኛው ቀን አንድ የኔቪ ሰማያዊ ባች፣ በአንድ ዙር የሚቀለም ጨርቅ ማለት ነው፣ ከማሽን ሲወጣ ቀለሙ ደብዝዞ፣ አልፎ አልፎም ነጠብጣብ ይዞ ወጣ። የሺፍቱ ኃላፊ በቅድሚያ የቀለሙን ሚዛን ጠረጠረ፤ የሚዛን ወረቀቱ ሲታይ ትክክል ነው። ቀጥሎ ሶዳ አሹ ተጠረጠረ፤ ፒኤች ሲለካ ደህና ነው። ልጅቷ ማሽኑን ከሚሞላው ቧንቧ በፕላስቲክ ጠርሙስ ግማሽ ውኃ ቀዳች፣ የልብስ ሳሙና በምላጭ ፍቃ ጨመረችበትና ናጠችው። አረፋ የለም። ከላይ ነጭ ቅርፊት የመሰለ ነገር ተንሳፈፈ። ውኃው ጠጣር ነው፤ ካልሲየምና ማግኒዢየም በዝቶበታል። በመለኪያ ወረቀት ሲታይ በሊትር 240 ሚሊግራም ገደማ ሆነ፤ የማቅለሚያ ክፍሉ ደንብ ከ50 በታች ይላል። ካልሲየሙ ከሶዳ አሹ ጋር ተገናኝቶ ይዘቅጣል፣ ቀለሙንም አብሮ ያጓጉለዋል፤ ነጠብጣቡ የመጣው ከዚያ ነው።

ምክንያቱ ሲፈለግ ውኃ ማለስለሻው ጋ ተደረሰ። ማለስለሻው ውስጥ ያለው ሬዚን ካልሲየምን እየያዘ በምትኩ ሶዲየም ይለቃል፤ ሲጠግብ በጨው ውኃ መታጠብ አለበት። ለመታጠቢያ የሚሆነው ጨው ግምጃ ቤት አልቆ ሁለት ሺፍት ሳይታጠብ አልፎ ነበር። እዚያው ክፍል ውስጥ ለቀለም የሚሆን ጨው በጆንያ ተደርድሮ ሳለ ማለት ነው፤ የወጪ ሰነዱ ሌላ ስለሆነ ማንም አልነካውም። ማለስለሻው ታጠበ። ለቀጣዮቹ ባቾች ካልሲየም የሚይዝ ኬሚካል በሊትር አንድ ግራም እንዲገባ ተደረገ። የተበላሸው ኔቪ ጥቁር ሆኖ እንደገና ተነከረ።

በማስተርስ ሥራዋ አምስት አምስት ግራም ናሙና በተጣራ ውኃ ስታቀልም ስለነበር ይህ ችግር አጋጥሟት አያውቅም። ማታ ደወለችልኝ፤ ደስታዋ በድምጿ ያስታውቅ ነበር። "ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራሁት ነገር ዛሬ ገባኝ" አለች። በማግሥቱ ግን ሌላ ነገር ጻፈች። የውኃው ጥንካሬ በምን ያህል ሲጨምር ቀለሙ በምን ያህል እንደሚሸሽ ለማወቅ ስድስት ትንንሽ ናሙናዎች ልሥራ ብላ ጠየቀች። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ "ታጠበ አይደል እንዴ? ከዚህ በኋላ ምን ያደርግልናል?" ብሎ ነው የመለሰላት።

የአምስቱ ቀን ዝርዝር 11 ጥያቄ ነበረው። ዘጠኙ በዚያው ቀን መልስ አግኝተዋል። ሁለቱ፣ ከነሱም አንዱ ይህ፣ ማሽኑ ሥራ ሲጀምር ተረስተዋል። ይህ ዝርዝር ከማንኛውም የሥራ መደብ መግለጫ በላይ ግልጽ ነበር። ፋብሪካው ለጥያቄ ሞልቶ የተረፈ ቦታ ነው፤ ጥያቄው ግን ምርት እስካቆመ ድረስ ብቻ ነው የሚኖረው። ዩኒቨርሲቲው ጥያቄን ዓመት ሙሉ እንድትይዢ ይፈቅድልሻል፤ ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ግን አይጨነቅም።

ውሳኔው

ፋብሪካውን መረጠች፤ ለሁለት ዓመት ብቻ። "ሁለት ዓመት" የሚለውን ብዙ ሰው ይለዋል፣ ከዚያ አሥር ይሆናል። እሷ ግን ከመግባቷ በፊት ሦስት ነገር አደረገች።

አንደኛ፣ የማስተርስ ሥራዋን ጽሑፍ አዘጋጅታ ለጆርናል ላከች። ይህ የሆነው ሥራ በጀመረች ሳምንት ሳይሆን ከመጀመሯ በፊት በነበሩት 18 ቀናት ነው። አማካሪዋ ትኩስ ትዝታ ስለነበራቸው የጎደለውን ግራፍ በሁለት ቀን ውስጥ ላኩላት። ሁለተኛ፣ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤዎች አጻፈች። ሦስተኛ፣ ውሏን አነበበች። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ይህ አሥር ሳምንት ነው። እሷም አሥረኛውን ሳምንት በቀን መቁጠሪያዋ ላይ አክብባ "እዚህ ቁሚና አስቢ" ብላ ጻፈች።

የሠራው

ከሁሉ በላይ የሠራው አስቀድሞ ጽሑፉን መላኩ ነው። ከአንድ ጊዜ ማስተካከያ በኋላ ታተመ። የማስተካከያው ጥያቄ ሲመጣ የሥራ ሦስተኛ ወሯ ላይ ነበረች፤ እኩለ ሌሊት እየመለሰች ነው የጨረሰችው። ያኔ ከዜሮ ልትጽፍ ብትሞክር ኖሮ አይሆንም ነበር፤ ራሷም ይህን ትላለች።

ሁለተኛው የማስታወሻ ደብተሩ ነው። ኃላፊው የከለከላትን ሙከራ ማድረግ ባትችልም በየሺፍቱ መጀመሪያ የውኃውን ጥንካሬ ለካች፣ የባቹን ቁጥርና አንድ ቁራጭ ጨርቅ አብራ ያዘች። ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው። ማንንም አላስፈቀደችም፤ ምክንያቱም ውኃ መለካት ሥራዋ ነው። ከሰባት ወር በኋላ ማለስለሻው መታጠብ ያለበት በቀን ቆጠራ ሳይሆን ባለፈው የውኃ መጠን መሆኑን በዚሁ ደብተር አሳይታ አሠራሩ ተቀየረ። ፋብሪካ ውስጥ ምርምር የሚገባበት በር ይህ ይመስለኛል፤ ከምርት መንገድ የማይወጣ ልኬት።

ሦስተኛው፣ ለተግባር ልምምድ የሚላኩ የምህንድስና ተማሪዎቻችንን እሷ ተቀበለቻቸው። ከዩኒቨርሲቲው ጋር የነበራት ግንኙነት ያልተበጠሰው በኔ በጎ ፈቃድ ሳይሆን በነዚያ ልጆች ነው።

ያልሠራው

ማታ ማታ የዶክትሬት ፕሮፖዛል እጽፋለሁ ያለችው ሳይሆን ቀረ። ሺፍት የሚቀያየር ሰው "ማታ" የሚባል ነገር የለውም። በስምንት ወር ውስጥ አራት ገጽ ጻፈች፤ ሁለቱን መልሳ ሰረዘች።

የኅትመት ፈቃዱም አልሠራም፤ እዚህ ጋ ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው። ስትቀጠር ሥራ አስኪያጁ "ስማችንን እስካልጠራሽ ድረስ ጻፊ፣ ምን ችግር አለው" ብሎ ነበር። እኔም "ይበቃል" አልኳት። ውሉ ውስጥ ግን የምርት መረጃን ለሌላ አሳልፎ መስጠትን የሚከለክል አንቀጽ ነበር። ከዓመት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ተቀየረ። የደብተሩን መረጃ ለማሳተም ስትጠይቅ አዲሱ ሰው ውሉን አውጥቶ አሳያት። የቃል ፈቃድ ከሰውየው ጋር ይሄዳል። በፊርማ ቀን አንድ መስመር ማስገባት ቀላል ነበር፤ በዓመቱ ከባድ ሆነ።

ሦስተኛው የመመለሻው በር ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላት የሌክቸረርነት ማስታወቂያ ወጣና ተወዳደረች። የውድድሩ ነጥብ ለውጤት፣ ለጽሑፍ ፈተናና ለሙከራ ትምህርት የተከፋፈለ ነበር። የታተመው ጽሑፍ ጥቂት ነጥብ አስገኘላት፤ የፋብሪካ ልምዱ ግን ለብቻው ነጥብ የሚያዝለት ቦታ አልነበረም። ሁለተኛ ወጣች፤ የሚፈለገው አንድ ሰው ነው። አንደኛ የወጣው በዚያው ዓመት የተመረቀ፣ የፈተናው ትምህርት ያልተረሳው ልጅ ነው። ፈተናው ላይ የመጣውን የዲፊዩዥን እኩልታ ለሁለት ዓመት አልነካችውም ነበር። "በሩ ክፍት ነው" ስላት የኖርኩት እውነት ነው፤ በየዓመቱ እየጠበበ መሄዱን ግን አልነገርኳትም።

ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፈው

እንዲህ ላለ ውሳኔ አሁን ለሚመጡት ልጆች የምላቸው ተቀይሯል። "ምርምር ትወዳለህ ወይ?" ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ፤ ሁሉም አዎ ይላሉ። ይልቅ በሁለቱም ቦታ አንድ ሳምንት በሰዓት እንዲቆጥሩ አደርጋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ከሆነ የዶክትሬት ተራው ስንተኛ እንደሆነ ጠይቀው ቁጥሩን ይዘው እንዲመጡ እልካቸዋለሁ። ተራው አጭር በሆነበት ትምህርት ክፍል፣ ለምሳሌ አዲስ በተከፈተ፣ የዚህች ልጅ ስሌት ሙሉ በሙሉ ይገለበጥ ነበር፤ ያኔ መምህርነቱን ነበር የምመክራት።

ደመወዙን ከግብርና ከጡረታ በኋላ፣ ከባጃጅም በኋላ ማየት ያስፈልጋል። የግብር ሰንጠረዡ ከዚያ ወዲህ ተቀይሯል፤ ስለዚህ የኔን ቁጥሮች ሳይሆን ዘዴውን ይውሰዱ።

የመመረቂያ ሥራን ወደ ጽሑፍ መቀየር የሚቻልበት ጊዜ ደግሞ ብዙዎች ከሚያስቡት አጭር ነው። አማካሪው ፋይሉ የት እንዳለ እስከሚያስታውስ ድረስ ነው። ፋብሪካ የሚገባ ሰው ከዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ይልቅ በዚህ መቸኮል አለበት፤ መምህሩ በኋላ ጊዜ ሊያገኝ ይችላል፣ የሺፍት ሠራተኛ አያገኝም።

የአጎትየውን ነገር ደግሞ አቅልዬ አልፌው ነበር። ሰውየው የተናገሩት ስለ ሙያ ሳይሆን ስለ አደጋ ነው። በክፉ ጊዜ ፋብሪካው ሥራውንም ደመወዙንም አብሮ ያጣል፤ ዩኒቨርሲቲ ሥራው ቢቆም ደመወዙ ይቀጥላል። እናት አባት የሚጦር ልጅ ይህን ከምርምር ፍቅሩ በፊት ቢያስቀምጠው ስህተት አይሆንም። እሷ እናት አባቷን የሚጦር ወንድም ስላላት ነው ልትደፍር የቻለችው።

አሁን ያለችበት

ፋብሪካው ውስጥ ናት፤ የማቅለሚያ ላብራቶሪው ኃላፊ ሆናለች። በሚቀጥለው ማስታወቂያ እንደገና እንደምትወዳደር ትናገራለች፣ እንደማትወዳደርም ትናገራለች። የኅትመት ፈቃዱን በዚህ ጊዜ በጽሑፍ ጠይቃ ደብዳቤው ለውሳኔ ከቀረበ አምስት ሳምንት ሆኖታል። ባለፈው ቅዳሜ መጥታ የውኃ ጥንካሬ በትክክል የሚለካበት ኢዲቲኤና አንድ ቢዩሬት ከላብራቶሪያችን ተዋሰች፤ የመለኪያ ወረቀቱ አልበቃትም። ለመያዣ ብላ ደብተሯን ጠረጴዛዬ ላይ ትታው ሄደች፤ በየገጹ ጣት የምታህል ኔቪ ጨርቅ በስቴፕለር ተመትቶበታል።